ዕቃ ላዘገየ አቅራቢ በቁጣ የተጻፈን ደብዳቤ ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በአንድ ምሳሌ ላይ ይመላለሳሉ፤ ምሳሌው 6,000 የማሸጊያ ካርቶን አዝዞ የርክክብ ቀኑ ያለፈበት አንድ ሳሙና አምራች ነው።

ተቆጥቼ የጻፍኩትን ረቂቅ ልጣለው ወይስ ላስተካክለው?

አይጣሉት። ሰው ረጋ ብሎ ሲጽፍ የሚዘነጋቸው ብዙ ነገሮች በቁጣ በተጻፈ ረቂቅ ውስጥ ይገኛሉ፤ ስንት ጊዜ እንደተደወለ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ዕቃው በመቅረቱ የትኛው ሥራ እንደተጓጎለ። ባዶ ወረቀት ፊቱ አስቀምጦ «ጨዋ ደብዳቤ» ለመጻፍ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ለስለስ ያለ፣ ግን ምንም የማይጠይቅ ማስታወሻ ነው። አቅራቢው አንብቦ «እሺ፣ እናያለን» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ረቂቁን በኢሜይሉ የመልስ መስኮት ወይም በቴሌግራም ላይ አይጻፉ። በሌላ ፋይል ወይም በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ የተቀባዩ አድራሻ የሚገባው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። «አሳድረው» የሚለው የተለመደ ምክር ጊዜ ሲኖር ጥሩ ነው፤ ዕቃ በዘገየበት ጉዳይ ግን አንድ ሌሊትም ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ማሳደር ካልተቻለ ስለ ጠቡ ምንም የማያውቅ ሰው ያንብበው። ያ ሰው አንብቦ «ታዲያ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ ደብዳቤው ገና አልደረሰም።

ከማስተካከሌ በፊት ምን ላጣራ?

ቀኑ በእርግጥ ማለፉን። ይህ የዋህ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን በርካታ የቁጣ ደብዳቤዎች የሚከሽፉት እዚህ ላይ ነው። ብዙ የግዢ ውሎች «በዚህ ቀን» ብለው አይጽፉም፤ «ቅድመ ክፍያ ከተፈጸመና የኅትመት ናሙና ከጸደቀ በኋላ በ20 ቀን ውስጥ» ይላሉ እንጂ። የሳሙና አምራቹ ካርቶኑን ያዘዘው መስከረም 10 ነው። በልቡ የቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሆነ ዕቃው መስከረም 30 መድረስ ነበረበት ብሎ አሰበ፤ በረቂቁም ላይ «ሦስት ሳምንት ሙሉ» ብሎ ጻፈ። ፋይሉን ሲከፍት ግን ናሙናውን ያጸደቀው መስከረም 20 ነበር። ስለዚህ የርክክቡ ቀን ጥቅምት 10 ይሆናል፤ ዛሬ ጥቅምት 19 ነውና መዘግየቱ ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን ራሱ በቂ ጥፋት ነው። «ሦስት ሳምንት» ብሎ ቢልክ ኖሮ ግን አቅራቢው ስለ ካርቶኑ ሳይሆን ስለ አቆጣጠሩ ይመልስለት ነበር፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው የሚጣራው ነገር ርክክቡ የት ነው የሚለው ነው። ውሉ ዕቃውን ከአቅራቢው በር ላይ እንድትረከቡ የሚል ከሆነና ዕቃው በቀኑ ተዘጋጅቶ ለአጓጓዥ ከተሰጠ፣ የዘገየው ሌላ ሰው ነው፤ ደብዳቤውም የሚጻፈው ለሌላ ሰው ነው። በመሃል መጠን ወይም ንድፍ የቀየራችሁ እንደሆነም አረጋግጡ። አንዲት «ቀለሙን እንቀይረው» የምትል አጭር መልእክት የመጀመሪያውን ቀን ልትሽረው ትችላለች።

ከረቂቁ ውስጥ ምን ይወጣል፣ ምንስ ይቀራል?

የሳሙና አምራቹ መጀመሪያ የጻፈው ይህን ነበር፦

> ሰላምታ አይገባችሁም። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ፣ ነገ» እያላችሁ ስታታልሉኝ ከርማችኋል። ስልክ ማንሳት እንኳን ትታችኋል። በእናንተ የተነሳ ሠራተኞቼ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ትልቁ ደንበኛዬም ሊያመልጠኝ ነው። ገንዘቤን ስትቀበሉ ግን ማንም አልቀደማችሁም። ካርቶኔን ዛሬውኑ ካላመጣችሁ ፍርድ ቤት እንገናኛለን፤ ምን ዓይነት ሌቦች እንደሆናችሁም አገር እንዲያውቅ አደርጋለሁ።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ ይህን በቀን ወይም በሰነድ ማሳየት እችላለሁ? «ስታታልሉኝ ከርማችኋል» የሚለው ስለ ሰው ልብ የተነገረ ነው፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ አቅራቢውም «በፍጹም» ብሎ ይክዳል። ከሥሩ ያለው እውነት ግን ቀን አለው፦ ጥቅምት 12 እና ጥቅምት 15 ሲደወል ዕቃው በማግስቱ እንደሚላክ ተነግሮ ነበር። ይህ ከስድቡ ይልቅ ያማል፤ ምክንያቱም አይካድም። «ስልክ ማንሳት ትታችኋል» የሚለውም «ጥቅምት 17 እና 18 ብንደውልም መልስ አላገኘንም» ይሆናል። «ገንዘቤን ስትቀበሉ» የሚለው ምሬት ውስጥ የተደበቀው ቁም ነገር ቅድመ ክፍያው መስከረም 12 መፈጸሙ ነው። ሠራተኞቹ ሥራ ፈትተዋል የተባለው ደግሞ ገና እውነት አልሆነም፤ በመጋዘኑ ያለው ካርቶን እስከ ጥቅምት 25 ያደርሳል። ማጋነኑ ቢቀር ሁለት ጥቅም አለው፤ ሐሰት ተብሎ አይያዝም፣ አቅራቢውም ሥራው በትክክል መቼ እንደሚቆም ያውቃል።

«ሌቦች» የሚለው ቃል ያለ ምንም ምትክ ይወጣል። በጽሑፍ የተላከ ስድብ ዘላለም የሚኖር ማስረጃ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢሄድ ዳኛው ፊት የሚነበበው የእናንተ ደብዳቤ ነው። በመጨረሻም ረቂቁ ውስጥ የሌለውን ተመልከቱ። የትዕዛዝ ቁጥር የለም፣ መጠን የለም፣ ሊፈጸም የሚችል ጥያቄም የለም። «ዛሬውኑ» የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ ገና ያልታተመ ካርቶን ዛሬ ሊደርስ ስለማይችል አቅራቢው ያለ ምንም ጸጸት ሊያልፈው ይችላል።

ታዲያ የተስተካከለው ደብዳቤ ምን ይመስላል?

ከላይ የተጣራው ሁሉ ገብቶበት እንዲህ ይሆናል፦

> ጉዳዩ፦ የትዕዛዝ ቁጥር 118 (6,000 ካርቶን) ርክክብ መዘግየት፤ እስከ ጥቅምት 20 ከቀኑ 10 ሰዓት የሚጠበቅ ምላሽ
>
> ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ፣
> ጤና ይስጥልኝ።
>
> በትዕዛዝ ቁጥር 118 ያዘዝናቸው 6,000 ካርቶኖች ጥቅምት 10 በመጋዘናችን ሊደርሱ ይገባ ነበር። ቅድመ ክፍያውን መስከረም 12 ፈጽመናል፤ ናሙናውንም መስከረም 20 አጽድቀናል። ዛሬ ጥቅምት 19 ሲሆን አንድም ካርቶን አልደረሰንም። ጥቅምት 12 እና ጥቅምት 15 በስልክ ስንጠይቅ በማግስቱ እንደሚላክ ተነግሮናል፤ ጥቅምት 17 እና 18 ብንደውልም መልስ አላገኘንም።
>
> በእጃችን ያለው ካርቶን ጥቅምት 25 ያልቃል። ከዚያ በኋላ የማሸግ ሥራችን ይቆማል፤ ኅዳር 5 ለደንበኛችን የምናደርሰው ዕቃም ይስተጓጎላል።
>
> ስለዚህ 2,000 ካርቶን እስከ ጥቅምት 24፣ ቀሪውን 4,000 ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 እንዲያስረክቡን እንጠይቃለን። ይህን መፈጸም መቻልዎን ነገ ጥቅምት 20 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጽሑፍ ያረጋግጡልን። በእነዚህ ቀናት የማይቻል ከሆነ በእርግጠኝነት የሚያስረክቡትን መጠንና ቀን በዚያው ሰዓት ይግለጹልን።
>
> እስከዚያ ሰዓት ማረጋገጫ ካልደረሰን ሥራችን እንዳይቆም 2,000 ካርቶን ከሌላ አቅራቢ ለመግዛት እንገደዳለን። በውላችን አንቀጽ 7 ስለ መዘግየት የተደነገገው መብታችን እንደተጠበቀ ነው።
>
> ከአክብሮት ጋር

ደብዳቤው ከረቂቁ ረዝሟል። ይህ አያስጨንቅ፤ የተጨመረው ሁሉ ቀን፣ መጠን ወይም ጥያቄ ነው። ትልቁ ደንበኛ ግን «ሊያመልጠኝ ነው» ከሚለው ወደ «ኅዳር 5» ወርዷል። አቅራቢው የደንበኛችሁን ስም ወይም የትርፋችሁን መጠን ማወቅ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ምን ያህል እንደተጨነቃችሁ በዝርዝር መንገር በሚቀጥለው የዋጋ ድርድር በራሳችሁ ላይ ይመጣል።

በ«እርስዎ» ልጻፍ ወይስ በ«እናንተ»?

ለድርጅት ሲጻፍ «ድርጅትዎ» ወይም «ድርጅታችሁ» ሁለቱም ይሄዳሉ፤ ለአንድ ኃላፊ ሲጻፍ «እርስዎ» ነው። ዋናው ነገር ከቀድሞው አለመለወጥ ነው። ለዓመታት «እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው ዕቃ በዘገየበት ቀን «አንተ» ሲባል የሚያነበው ያንን ብቻ ነው፤ ቀሪው ደብዳቤ አይታየውም። በቁጣ ጊዜ ግሱ ሳይታወቅ ይለወጣል፤ «አስረክቡ» በሚል የተጀመረው «አምጣ» በሚል ያልቃል። ስለዚህ ከመላክ በፊት ግሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው።

በተቃራኒው በድንገት ከመጠን በላይ መደበኛ መሆንም ጦርነት ማወጅ ይመስላል። ከዚህ በፊት በስም ትጠራሩ ከነበረ በስም ጀምሩ፤ «ለክቡር የሽያጭ ክፍል ኃላፊ» ብሎ መዝለል ጠበቃ ከኋላ ያለ ያስመስላል።

ጨዋ ከሆንኩ ደካማ አልመስልም?

ደካማ የሚያስመስለው ጨዋነቱ ሳይሆን መለማመጡ ነው። «ላስቸግርዎ ይቅርታ»፣ «ከተቻለ»፣ «ጊዜ ሲያገኙ» የሚሉት ሐረጎች በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ከተሰበሰቡ የተበደለው ሰው ራሱ በዳይ ይመስላል። ቀኑን ያሳለፈው አቅራቢው ነውና ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። «እንዲያስረክቡን እንጠይቃለን» ብሎ መጻፍ ጨዋም ጽኑም ነው። «ቢያስረክቡን ደስ ይለናል» ግን ምኞት ነው፤ ምኞትን ደግሞ ማንም የመፈጸም ግዴታ የለበትም።

ሌላው የድክመት ምልክት ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። «የተወሰነ መዘግየት ታይቷል» ሲባል ማን ዘገየ? በስንት ቀን? «ጥቅምት 10 መድረስ የነበረበት ዕቃ አልደረሰንም» የሚለው ማንንም አይሰድብም፤ ሆኖም የሚያመልጥበት ቀዳዳ የለውም። ብዙ ሰው በቁጣና በልምምጥ መካከል ሌላ ነገር ያለ አይመስለውም፤ ከቁጣው ሲሸሽ ዘሎ ልምምጡ ውስጥ ይገባል።

«በአስቸኳይ» ብሎ መጻፍ አይበቃም?

አይበቃም። ለእናንተ አስቸኳይ ማለት ነገ ሲሆን ለእርሱ የሚቀጥለው ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ማንም ውሸታም አይባልም። ደብዳቤው ሁለት የተለያዩ ቀኖች ያስፈልጉታል፤ አንዱ ዕቃው የሚደርስበት፣ ሌላው መልስ የሚሰጥበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። የመልሱ ቀን ከሌለ አቅራቢው ዝም ማለቱን የምታውቁት ዕቃው ጥቅምት 24 ሳይመጣ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ለመግዛት መሽቷል። በምሳሌያችን መልሱ በጥቅምት 20 ስለተጠየቀ ካርቶኑ እስኪያልቅ አምስት ቀን ይቀራል።

የርክክቡን ቀን ከራሳችሁ ሥራ ወደ ኋላ ቆጥራችሁ አውጡት እንጂ ከንዴታችሁ አታውጡት። ካርቶኑ የሚያልቀው ጥቅምት 25 ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍል ጥቅምት 24 ይምጣ ተባለ። ሙሉውን 6,000 በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ ሥራውን የሚያቆየውን 2,000 ለይቶ መጠየቅ አቅራቢው «እሺ» ለማለት የሚችለው ጥያቄ ይሆናል። ፋብሪካው የተጨናነቀበት ሰው አንድ ትንሽ ክፍል በመሃል ማስገባት ይችላል፤ ሙሉውን ግን ላይችል ይችላል።

ማስጠንቀቂያውን ምን ያህል ላክረው?

የምታደርጉትን ብቻ ጻፉ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቀኑ ቢያልፍ በማግስቱ ጠዋት ማን ተነስቶ ምን ያደርጋል? ለዚህ ስም ያለው መልስ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ። የሳሙና አምራቹ ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም፤ ጠበቃም አላነጋገረም። ከሌላ አቅራቢ 2,000 ካርቶን መግዛት ግን ይችላል፤ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊትም ለሌላ ሻጭ ደውሎ ዋጋና ቀን ጠይቋል። ይህ ጥሪ ማስጠንቀቂያውን ከባዶ ቃል ለየው። አንድ ጊዜ ያልተፈጸመ ዛቻ የሰማ አቅራቢ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ሳያነብ ያውቀዋል።

ድምፁ ደግሞ ዝቅ ይበል። «ለመግዛት እንገደዳለን» የሚለው ቅጣት ሳይሆን የሥራ ውሳኔ ሆኖ ይነበባል። ውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ካለ አንቀጹን በቁጥር ጠርቶ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ይበቃል፤ ሒሳቡን አስልቶ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ መለጠፍ ግን ንግግሩን ከካርቶኑ ወደ ገንዘቡ ያዞረዋል። ሙሉ ውሉን ማፍረስና ሌላ ቦታ የተገዛውን ከትዕዛዙ መቀነስ ደግሞ በውሉ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ውሉ ሳይነበብ «ሰርዘናል» ብሎ መጻፍ እናንተን ውል አፍራሽ ሊያደርጋችሁ ይችላል።

ለማን ልላከው? ለአለቃውስ ግልባጭ ላድርግ?

የመጀመሪያው ደብዳቤ ትዕዛዙን ለተቀበለው ሰው ይሂድ። ገና ሳይመልስ አለቃውን በግልባጭ መጨመር ሰውየውን ራሱን ለመከላከል ያስገድደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ለእናንተ ሳይሆን ለአለቃው የተጻፈ ነው። የመልሱ ሰዓት ሲያልፍ ግን ሁለተኛው መልእክት ለአለቃውም ይላክ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሥሩ ይያያዝ። ያን ጊዜ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በስልክ «ነገ ይላካል» ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ አለማመን አይሆንም?

አይሆንም፤ አጻጻፉ ይወስነዋል። ስልኩ እንደተዘጋ ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው 2,000 ካርቶን ነገ ጥቅምት 13 ከመጋዘናችሁ ይወጣል። የተሳሳተ ነገር ካለ ዛሬውኑ ይንገሩን።» ይህ ማስታወሻ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም። በቴሌግራም ቢላክም ቀንና ሰዓት ስላለው ያገለግላል፤ ከዋናው ደብዳቤ ጋር ግን በኢሜይል ቢደገም ይሻላል፤ የቴሌግራም መልእክት ሊሰረዝ ይችላል።

የሳሙና አምራቹ ከጥቅምት 12ቱ ጥሪ በኋላ ይህን ሁለት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ጥቅምት 19 የቁጣ ረቂቅ ለመጻፍ ባልደረሰ ነበር ለማለት ይከብዳል። ቢያንስ ግን «ነገ» ያለው ማን እንደሆነ ክርክር አይኖርም ነበር።

አዲስ ቀን ከሰጠሁ በመጀመሪያው ቀን ያለኝን መብት አጣለሁ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በውላችሁና ውሉ በሚገዛበት ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። አስተሳሰቡን ለማየት ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በቪየና የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ ውሎች ስምምነት ጥሩ ምሳሌ ነው። በአንቀጽ 47 መሠረት ገዢው ለዘገየ ሻጭ ምክንያታዊ የሆነ ተጨማሪ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ሻጩ «አልፈጽምም» ብሎ ካላሳወቀ በስተቀር፣ ገዢው በውል መጣስ የሚያገኛቸውን ሌሎች መፍትሔዎች መጠቀም አይችልም፤ በመዘግየቱ የደረሰበትን ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብቱ ግን አይቀርበትም። ተጨማሪው ጊዜ አልፎ ዕቃው ካልቀረበ በአንቀጽ 49 ውሉን ለማፍረስ መንገድ ይከፈትለታል።

ስምምነቱ የሚመለከተው ድንበር ተሻጋሪ ሽያጭን ነው፤ የእናንተ ግዢ በእርሱ ላይገዛ ይችላል። ለጸሐፊ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፦ አዲስ ቀን ስትሰጡ እስከዚያ ቀን እንደምትጠብቁ ቃል ገብታችኋል፤ ስለዚህ አጭርና የተወሰነ ይሁን። «ችግር የለም፣ ሲደርስላችሁ ላኩት» የምትል አንዲት የይሉኝታ መልእክት ከዚህ ሁሉ በላይ ትጎዳለች፤ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ቀን እንደተዋችሁት ልትቆጠር ትችላለች። ለዚህ ነው በደብዳቤው መጨረሻ «መብታችን እንደተጠበቀ ነው» የሚለው ሐረግ የገባው። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ይህን ክፍል ብቻ የሕግ ባለሙያ ቢያየው ወጪው አይቆጭም።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ገጠመን» ብለው ቢመልሱስ?

አትከራከሩ፤ ጠይቁ። ምን ተፈጠረ፣ መቼ ተፈጠረ፣ ከ6,000ው ካርቶን ስንቱን ነካ፣ የሚያበቃውስ መቼ ነው? እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው እነዚህን በአንድ አንቀጽ ይመልሳል። ምክንያቱ የተፈጠረው ጥቅምት 14 ከሆነ ጥቅምት 10 የነበረውን ርክክብ አያስረዳም፤ ይህንንም ያለ ምንም ስላቅ፣ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን በመጻፍ ብቻ ማሳየት ይቻላል። የወረቀት ዋጋ መናር ወይም ማሽን መበላሸት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢው የራሱ የሥራ ሥጋት ነው፤ ውሉ ውስጥ ምን እንደሚቆጠር ማየት ያስፈልጋል።

ምክንያቱ እውነት ሆኖ ከተገኘ አንድ የሰው ቃል ጻፉ። ፋብሪካው የተቃጠለበትን ሰው «ይህ እኛን አይመለከተንም» ማለት ጽናት አይደለም። «ስለደረሰው ጉዳት አዝነናል» በሉና ወደ ጥያቄው ተመለሱ፤ ካርቶኑ አሁንም ጥቅምት 25 ያልቃል።

እኔም ያልከፈልኩት ሒሳብ ካለስ?

ራሳችሁ ቀድማችሁ አንሱት፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከቀን ጋር። «በትዕዛዝ ቁጥር 104 የቀረብንን ክፍያ ጥቅምት 22 እንፈጽማለን» ማለት አቅራቢው በመልሱ ሊይዘው የነበረውን ዱላ ይወስድበታል። ካልጠቀሳችሁት ግን የመጀመሪያው መልስ ስለ እርሱ እንደሚሆን አትጠራጠሩ። ቀኑን ስትጽፉ የምታከብሩት ይሁን፤ ስለ ዘገየ ርክክብ በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ የዘገየ ክፍያ ከማድረግ የሚከፋ ነገር የለም።

ሁለቱ ጉዳዮች በውሉ የተያያዙ ከሆኑ፣ ማለትም ክፍያው ሳይፈጸም ርክክብ የለም የሚል አንቀጽ ካለ፣ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ የሚጻፈው የቅሬታ ደብዳቤ ሳይሆን ክፍያውንና ርክክቡን በአንድ ቀን የሚያገናኝ ሐሳብ ነው።

ሌላ አቅራቢ ከሌለኝ በምን አስጠነቅቃለሁ?

በሌለ ነገር አታስጠንቅቁ። በዘርፉ ሌላ አምራች አለመኖሩን አቅራቢው ከእናንተ ይልቅ ያውቃል፤ «ከሌላ እንገዛለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር እርሱ ዘንድ ፈገግታ ብቻ ነው የሚያስገኘው። ከማስጠንቀቂያው ይልቅ ጥያቄውን አሳንሱና አጥብቁት። ከ6,000ው 1,000 እንኳን በዚህ ሳምንት ይውጣ በሉ፤ ያልታተመ ባዶ ካርቶን ካለ በእርሱ ላይ መለያ ወረቀት ለጥፋችሁ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆናችሁን ግለጹ፤ የተዘጋጀውን ራሳችሁ መኪና ልካችሁ እንደምታነሱ ጻፉ። እያንዳንዱ ሐሳብ አቅራቢው እምቢ የሚልበትን አንድ ምክንያት ያነሳል።

በእጃችሁ የቀረ ነገር ካለ ደግሞ ቀሪው ክፍያ ነው፤ ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ በደረሰው ካርቶን ልክ ብቻ እንደምትከፍሉ መግለጽ ይቻላል። ይህም በዛቻ መልክ አይጻፍ፦ «ቀሪውን ክፍያ ከእያንዳንዱ ርክክብ ጋር በደረሰን መጠን እንፈጽማለን።» ከዚያ በተረፈ የሚቀጥለውን ትዕዛዝ ዛሬ ባላችሁበት ሳይሆን ካርቶኑ ከማለቁ ከሁለት ወር በፊት ስጡ፤ ውሉ ላይም ርክክቡ «በ20 ቀን» ሳይሆን በተቆረጠ ቀን እንዲጻፍ አድርጉ።